ስድስት ፎቶ፣ አንድ ደረሰኝ፦ ከአዳማ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

አዳማ ውስጥ ያለ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ዕቃውን የሚያስመጣው ከመርካቶ ነው። የባለቤቱ ወንድም አዲስ አበባ ሆኖ ይገዛል፣ ያስጭናል። አይሱዙው ማታ በፍጥነት መንገዱ ይወርዳል፣ ዕቃው ጠዋት ሱቅ ውስጥ ነው። ወረቀቱ ግን ወንድምየው ጋ ይቀራል፤ አዳማ ብቅ ሲል ነው ይዞት የሚመጣው። እስከዚያው ለሂሳብ ሠራተኛዋ የሚደርሳት በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ብቻ ነው። ዕቃ ከመሸጡ በፊት ስቶክ ላይ መግባት አለበትና ወረቀቱን መጠበቅ አትችልም።

ትንሽ ግዢ ሲሆን ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው ዝርዝሩ ሲረዝም ነው። ብዙ ዓይነት ዕቃ ሲገዛ ከማሽኑ የሚወጣው የፊስካል ደረሰኝ ጠቅላላውን ብቻ ይዞ፣ ዝርዝሩ በኮምፒውተር በታተመ አባሪ ይመጣል። አታችመንት የምንለው ማለት ነው። ይህኛው አታችመንት አራት ገጽ ነበር፣ 64 ዓይነት ዕቃ። የደረሰኙ ቁጥርና የገዢው ስም ያለው ገጽ 1 ላይ ብቻ ነው። ከቫት በፊት ያለው ድምር፣ ቫቱና የመጨረሻው ጠቅላላ ያሉት ገጽ 4 ላይ ብቻ ነው። መሀል ያሉት ሁለት ገጾች የማን እንደሆኑ የሚናገር ምንም ራስጌ የላቸውም። ያላቸው ነገር ቢኖር ከላይ «ከባለፈው ገጽ የዞረ»፣ ከታች ደግሞ «ወደሚቀጥለው ገጽ የሚዞር» የሚል መስመር ነው።

ሂሳብ ሠራተኛዋ መጀመሪያ ያደረገችው ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው። ፎቶዎቹን በስልክ አፕ አንዱን ከአንዱ ሥር ቀጥላ አንድ ረጅም ምስል ሠራች፤ ወደ ኮምፒውተሯም በቴሌግራም ላከችው። ሲከፈት ጽሑፉ ጭጋግ ሆኗል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቴሌግራም ምስልን በተለመደው መንገድ እንደ ፎቶ ሲልክ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል። አምስት ፎቶ በቁመት ከተቀጠለ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 256 ፒክስል ያህል ነው። ሃያ ምናምን መስመር ባለው ገጽ ላይ ለአንድ መስመር የሚደርሰው አስር ፒክስል ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ቁጥር ማንበብ አይቻልም።

ፎቶ በሚያገጣጥም ፕሮግራም መስፋትም እዚህ አያዋጣም። እነዚህ ፕሮግራሞች በሁለቱ ፎቶዎች ላይ የሚመሳሰሉ ነጥቦችን ፈልገው ነው የሚያገናኙት። የመልክዓ ምድር ፎቶ ላይ ይህ ጥሩ ይሠራል። ሰንጠረዥ ላይ ግን እያንዳንዱ መስመር ከጎረቤቱ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ አንድ መስመር ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ቢገጥም ፕሮግራሙ አይታወቀውም። በዚህ መሀል አንድ ዕቃ ይዋጣል፣ ምስሉ ግን ቆንጆ ሆኖ ይወጣል። እኔ ይህን መንገድ አጥብቄ የምቃወመው ለዚህ ነው። ስህተቱ ለዓይን አይታይም።

ስለዚህ ከሠራተኛዋ ጋር ስንቀመጥ የተስማማነው ምስሉን ሳይሆን መስመሮቹን እንድንሰፋ ነው። እያንዳንዱ ፎቶ ለብቻው ይነበባል፣ ወደ መስመር ይቀየራል፣ ከዚያ መስመሮቹ ይገጣጠማሉ። ዋናዎቹ ፎቶዎች እንደ ፋይል እንዲላኩ ተደረገ። እንዲህ ሲላክ ቴሌግራም አያሳንሳቸውም። ንባቡ የተሠራው ቴሰራክት በተባለው ነፃ ፕሮግራም ነው፤ አማርኛና እንግሊዝኛን አብሮ ያነባል፦

```
tesseract p1.jpg p1 -l amh+eng --psm 6 tsv
```

መጨረሻ ላይ ያለው `tsv` እያንዳንዱ ቃል ገጹ ላይ የት እንዳለ ጭምር ያወጣል። ብዛት፣ የአንዱ ዋጋና ጠቅላላ ዋጋ በየዓምዳቸው የሚለዩት በዚህ ነው። የወጣው ሁሉ ወደ ኤክሴል ገባ።

ኤክሴል ላይ ሠራተኛዋ ሁለት ጽዳት አደረገች። ሁለቱም ሲታዩ ምክንያታዊ ናቸው። አንደኛ፣ ገጽ 2 በሁለት ፎቶ ስለተነሳ አንዳንድ ዕቃዎች ሁለት ጊዜ መጥተዋል። ስለዚህ በ`Remove Duplicates` ስማቸው፣ ብዛታቸውና ዋጋቸው አንድ የሆኑትን አጠፋች። ተራ ቁጥሩን መጠቀም አልቻለችም። ግራ ጠርዝ ላይ ስለሆነ በአንዳንዱ ፎቶ ተቆርጧል፣ በሌላው የእጅ ጥላ አርፎበታል። ሁለተኛ፣ «የዞረ» የሚሉት መስመሮች ዕቃ አይደሉም። ጽሑፋቸው በቀኝ በኩል ገንዘቡ አጠገብ ስለታተመ የዕቃ ስም ዓምዳቸው ባዶ ነው። ስለዚህ ስም የሌለውን መስመር ሁሉ ሰረዘች።

ይህኛው ጽዳት ግድ ነበር። የዞሩት ድምሮች እንደ ዕቃ ቢደመሩ ኖሮ ሂሳቡ በእጥፍና ከዚያም በላይ ያብጥ ነበር።

ድምሩ ሲወጣ 270,440 ብር ሆነ። ገጽ 4 ላይ የታተመው ከቫት በፊት ያለው ድምር ግን 318,640 ብር ነው። የ48,200 ብር ጉድለት።

ባለሱቁ አጠገባችን ቆሞ ነበር። «ልጄ፣ አርባ ስምንት ሺህ ብር የሚያወጣ ዕቃ እኮ አልገዛንም» አለ። ልክ ነው። ብዙ ሰው ጉድለት ሲያይ መጀመሪያ የሚያደርገው ያንን መጠን የሚያክል ዕቃ መፈለግ ነው። ስህተቱ አንድ ከሆነ ይሠራል። ሁለትና ሦስት ስህተት ከተደራረበ ግን ልዩነቱ የማንንም ዋጋ አይመስልም፣ ሰውም ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየተከተለ ይደክማል።

እዚህ ላይ ነው የዞሩት ድምሮች ዋጋ የሚታየው። ሠራተኛዋ እንደ ቆሻሻ የሰረዘቻቸው መስመሮች ገጾቹን የሚያያይዙት ራሳቸው ናቸው። ከፎቶዎቹ ላይ መልሰን አወጣናቸው። ገጽ 1 ታች 84,350። ገጽ 2 ከላይ 84,350፣ ከታች 213,790። ገጽ 3 ከላይ 213,790፣ ከታች 297,415። ገጽ 4 ከላይ 297,415፣ መጨረሻው 318,640። የአንዱ ታች ከሌላው ላይ ጋር ከገጠመ ቅደም ተከተሉ ተገኘ ማለት ነው። የፎቶው ስም ምን ይሁን፣ ቴሌግራም ላይ የቱ ቀድሞ ይምጣ ግድ የለም። የገጽ 2 ሁለት ፎቶዎችም በዚሁ ይለያሉ። አንደኛው ላዩ ላይ የዞረ ድምር አለው፣ ታቹ ግን ክፍት ነው። ሁለተኛው ላዩ ክፍት ሆኖ ታቹ ላይ ድምር አለው።

ይህ ሰንሰለት ሌላም ነገር አጋለጠ። ከማሽኑ ደረሰኝ ፎቶ ሌላ የተላከው ስድስት ፎቶ ነበር፤ ሠራተኛዋ ወደ ኤክሴል ያስገባችው አምስቱን ነው። ስድስተኛው ገጽ 4ን ስለሚመስልና መጨረሻው ላይ ጠቅላላ ድምር ስላለው ድጋሚ የተነሳ መስሏት ትታው ነበር። ላዩ ላይ ያለው የዞረ ድምር ግን 62,180 ብር ነው። ከአራቱ ገጾች የአንዳቸውም ታች 62,180 አይደለም። ሻጩ አንድ፣ ቀኑ አንድ፣ የፊደሉ ዓይነት አንድ፤ ደረሰኙ ግን ሌላ ነው። ድምሩ 75,930፣ ከቫት ጋር 87,319.50 ብር የሆነ የሁለተኛ ግዢ የመጨረሻ ገጽ ነው። ይህን ገጽ የመጨረሻው ብሎ የሚወስድ ሰው ሙሉ ቀን ያልተሳሳተ ሂሳብ ውስጥ ስህተት ሲፈልግ ይውላል።

አሁን ጉድለቱን በየገጹ መክፈል ይቻላል። የአንድ ገጽ የራሱ ዕቃዎች ድምር፣ በገጹ ታች ካለው የዞረ ድምር ከላይ ያለው ሲቀነስ ከሚገኘው ጋር እኩል መሆን አለበት። ገጽ 2 ለምሳሌ 213,790 ሲቀነስ 84,350፣ 129,440 ብር መሆን አለበት። ፍተሻው በፓይተን ይህን ያህል ብቻ ነው፦

```python
def check(pages):
    total = 0
    for p in pages:
        if p.opening != total:
            print(p.name, "opening", p.opening, total)
        found = p.opening + sum(r.amount or 0 for r in p.rows)
        if found != p.closing:
            print(p.name, "diff", p.closing - found)
        total = p.closing
```

የመጨረሻዋ መስመር ቀላል ትመስላለች፣ ግን ዋናዋ እሷ ናት። ቀጣዩ ገጽ የሚጀምረው እኛ ባገኘነው ድምር ሳይሆን ወረቀቱ ላይ በታተመው ነው። እንዲህ ካልሆነ የገጽ 1 ስህተት እስከ ገጽ 4 ይወርድና ሁሉም ገጽ የተበላሸ ይመስላል። ገንዘቡ ሳንቲም ሲኖረው `float` ሳይሆን `Decimal` መጠቀም ይሻላል። አለበለዚያ ምንም ስህተት በሌለበት ኮምፒውተሩ ራሱ ጥቃቅን ልዩነት ይፈጥራል።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ። ገጽ 1፣ 5,000 ብር ይጎድላል። ገጽ 2፣ 9,000። ገጽ 3፣ 34,200። ገጽ 4 ልክ ነው። የ48,200ው እንቆቅልሽ ሦስት ትናንሽ ጥያቄዎች ሆነ፣ እያንዳንዱም በሃያ መስመር አካባቢ ውስጥ የተከለለ።

የገጽ 1 ቀላሉ ነው። ብዛት በአንዱ ዋጋ ሲባዛ ከጠቅላላው ጋር የማይገጥም መስመር ፈለግን። ሶኬት፣ 35 ፍሬ፣ በ240 ብር። ጠቅላላው 3,400 ተብሎ ተነቧል። ብዜቱ ግን 8,400 ነው። ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ታጥፎ ስለነበር የ8ቱ ግራ ጎን ጠፍቶ 3 ሆኗል። አምስት ሺህ ብሩ ተገኘ።

የገጽ 2 ትንሽ ያስቸግራል። እያንዳንዱ መስመር ሲባዛ ይገጥማል፣ ግን 9,000 ብር የለም። እዚህ ገጽ ላይ 9,000 የሚያወጣ ዕቃ አንድ አለ፦ የግማሽ ኢንች ኤልቦ፣ 200 ፍሬ በ45 ብር። ፎቶዎቹን ስናይ ኤልቦው በእርግጥ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። አንዱ የገጹ መጀመሪያ አካባቢ፣ በተራ ቁጥር 22። ሌላው ታች፣ በተራ ቁጥር 37። ወንድምየው መጀመሪያ 200 አዝዞ በኋላ 200 አስጨምሯል፣ የሻጩ ጸሐፊ ደግሞ እንደ አዲስ መስመር አስገብቶታል። ስሙ፣ ብዛቱና ዋጋው አንድ ስለሆነ ኤክሴል አንዱን አጠፋው። ዕቃው ግን 400 ነው። ሱቁ ውስጥ ያለው ካርቶን ሲቆጠርም 400 ነው።

ትክክለኛው መንገድ ምንድን ነው? በሁለት ፎቶ መካከል የሚደገም መስመር በዘፈቀደ ቦታ አይመጣም። የመጀመሪያው ፎቶ የመጨረሻ መስመሮች ናቸው የሁለተኛው ፎቶ የመጀመሪያ መስመሮች የሚሆኑት፤ ያውም ተከታትለው፣ በዚያው ቅደም ተከተል። እዚህ የመጀመሪያው ፎቶ የሚያልቀው በተራ ቁጥር 29፣ 30 እና 31 ነው። ሁለተኛውም የሚጀምረው በነዚሁ ሦስት ነው። መጥፋት ያለባቸው እነዚያ ሦስት ብቻ ናቸው። የመሀል ኤልቦ ከመሀል ኤልቦ ጋር ቢመሳሰል አይነካም። ይህን ደንብ በእጅም መሥራት ይቻላል፣ ፕሮግራም አያስፈልገውም። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ የሚገጥመውን ቁራጭ መፈለግ ብቻ ነው። አንድ መስመር ብቻ ከገጠመ ግን ማመን ይከብዳል፣ በአጋጣሚ ሊሆን ይችላልና። ሦስት ተከታታይ መስመር ከገጠመ ጥርጣሬ የለውም።

የገጽ 3 ግን እስከ ዛሬ ካየኋቸው የደረሰኝ ችግሮች ሁሉ ይበልጥ ትኩረት ይገባዋል የምለው ነው። የጎደለው 34,200 ብር ትልቅ ገንዘብ ነው። ገጽ 3 ላይ ደግሞ 34,200 ተብሎ የሚጻፍ ስም ያለው ዕቃ የለም። ፎቶውን ስናጎላው ከዞረው ድምር ቀጥሎ አንድ መስመር ታየ። 6፣ 5,700፣ 34,200። የዕቃ ስም የለውም፣ ተራ ቁጥርም የለውም። ገጽ 2 ታች ስንመለስ ደግሞ የመጨረሻው ዕቃ፣ ተራ ቁጥር 41፣ የኤሌክትሪክ ኬብል ይላል። ስም አለው፣ ብዛትና ዋጋ የለውም። የሻጩ ፕሮግራም ገጹ ሲሞላበት መስመሩን ለሁለት ቆርጦታል፦ ስሙን እዚህ፣ ገንዘቡን እዚያ።

እነዚህ ሁለት ግማሾች በሁለት የተለያየ መንገድ ነው የጠፉት። የገንዘቡ ግማሽ ስም ስለሌለው ከዞሩት ድምሮች ጋር አብሮ ተሰረዘ። የስሙ ግማሽ ግን ዝርዝሩ ውስጥ ቀርቷል፣ የገንዘብ ቦታው ባዶ ሆኖ። `SUM` ደግሞ ባዶ ቦታን ዝም ብሎ ያልፋል እንጂ አይጮህም። ዕቃውን የሚቆጥር ሰው ኬብሉ አለ ይላል። ገንዘቡን የሚደምር ሰው ደግሞ ገንዘቡ የለም ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ስለዚህ የዞረ ድምርን መለያው ስም ማጣቱ አይደለም። መለያው መጠኑ ነው። እስካሁን የተደመረው ሁሉ 213,790 ከሆነና መስመሩ 213,790 የሚል ከሆነ የዞረ ድምር ነው። 34,200 የሚል ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፣ አይሰረዝም። ከዚያ ሌላ አንድ ጥያቄ ይጨመራል፦ ያለፈው ገጽ መጨረሻ ላይ ገንዘብ የሌለው ስም አለ ወይ? ካለ፣ የዚህኛው ገጽ መጀመሪያ ላይም ስም የሌለው ገንዘብ ካለ፣ ሁለቱ ይጋባሉ። ትክክል መጋባታቸውን የሚያረጋግጠው ብዜቱና የገጹ ድምር ነው። 6 በ5,700 ሲባዛ 34,200 ነው። ገጽ 3ም 83,625 ላይ ገጠመ። የተቆረጠው መስመር ገንዘብ የሚቆጠረው በገጽ 3 ነው፣ በገጽ 2 አይደለም። ወደ ገጽ 2 ቢመለስ የሁለቱም ገጽ ድምር በአንድ ጊዜ ይበላሻል፣ በተቃራኒ አቅጣጫ በ34,200። እንዲህ ዓይነት ጎረቤት ገጾች ላይ የሚታይ እኩል ትርፍና ጉድለት ሲያጋጥም ዕቃ አልጠፋም፤ አንድ መስመር በተሳሳተ ገጽ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

ሦስቱ ሲስተካከሉ ድምሩ 318,640 ሆነ። 15 በመቶ ቫት 47,796 ብር፣ ጠቅላላ 366,436 ብር። የፊስካል ደረሰኙ ፎቶም 366,436.00 ይላል። ይህን የመጨረሻ ማመሳከሪያ መዝለል አይገባም። አታችመንት ብቻውን ደረሰኝ አይደለም፤ የማሽኑ ወረቀት ካልተያያዘበት አይጸናም። ሁለቱ ካልገጠሙ ደግሞ ቫቱን ማስመለስ ላይ ጣጣ ይመጣል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ለገንዘቡ ነው። ድምር የዕቃ ስም አያይም። «ግማሽ ኢንች» የሚለው «ሦስት አራተኛ» ተብሎ ቢነበብ ሁሉም ሂሳብ ይገጥማል፣ ስቶኩ ግን ይሳሳታል። ሠራተኛዋ አሁን ልኬት ያላቸውን ዕቃዎች፣ ማለትም ቧንቧ፣ ኬብልና ብሎን፣ ለብቻቸው ከፎቶው ጋር ታመሳክራለች። ቅናሽ የሚባል ዓምድ ያለበት ደረሰኝ ላይም ብዛት በዋጋ የማባዛቱ ፍተሻ እንዳለ አይሠራም፣ ቅናሹ መቀነስ አለበት። የዞረ ድምር የማያትም ሻጭም አለ። የእሱ ደረሰኝ ላይ ያለው መያዣ ተራ ቁጥርና የመጨረሻው ድምር ብቻ ነው፣ ስህተቱ ካለ በየገጹ መከለል አይቻልም።

አንድ ገጽ ጨርሶ ባይመጣስ? ሰንሰለቱ ካለ የጎደለው መጠን ይታወቃል። ገጽ 2 ባይላክ ኖሮ ገጽ 1 ታች 84,350 ላይ ይቆማል፣ ቀጣዩ ከ213,790 ይጀምራል። 129,440 ብር የሚያወጣ ዕቃ ያለበት ወረቀት የለም ማለት ነው። ሠራተኛዋ ከዚህ በፊት እንዲህ ሲያጋጥማት «ልዩ ልዩ ዕቃ» ብላ በአንድ መስመር ትሞላው ነበር፤ ገንዘቡ ስለሚገጥም ማንም አይጠይቃትም። ግን የትኛው ዕቃ በስንት እንደተገዛ ካልታወቀ በስንት እንደሚሸጥም አይታወቅም። አሁን ክፍተቱን በብር ጽፋ ትልካለች፦ «በ84,350 እና በ213,790 መካከል ያለው ገጽ ይላክ»። «ገጽ ጎድሏል» ከማለት ይህ በጣም ይሻላል። ወንድምየው ወረቀቱን ሲያገላብጥ ላዩ ላይ 84,350 የሚለውን ብቻ ነው የሚፈልገው።

ለእሱም ጥቂት ነገር ተነግሮታል። እንደ ፋይል ላክ። የዞሩት ሁለት መስመሮች፣ የላዩም የታቹም፣ ፎቶው ውስጥ ይግቡ። ግራ ጠርዙን በጣትህ አትያዝ። ገጹ በአንድ ፎቶ ካልገባ ሁለተኛውን ስታነሳ ሦስት መስመር ወደኋላ ተመልሰህ ጀምር። ገጽ 1 እና የማሽኑ ደረሰኝ አንድ ላይ ይነሱ፣ የደረሰኙ ቁጥር ያለው እዚያ ብቻ ነውና።

ስድስተኛው ፎቶ ለብቻው ተቀምጧል። 62,180 ላይ የሚያልቀው ገጽ እስኪላክ ድረስ ያ ግዢ ስቶክ ላይ አልገባም፣ ዕቃውም አልተሸጠም።